የነዳጅ ደረሰኝ ንባብ፦ ሊትርን፣ የሊትር ዋጋንና የኪሎ ሜትር ንባብን በአንድ የተሽከርካሪ ወጪ መዝገብ ማገናኘት

አጽርኦተ ጥናት

ለመስክ ጥናት የተሰማራ ተሽከርካሪ የነዳጅ ወጪ አብዛኛውን ጊዜ የሚወራረደው በደረሰኞች ድምር ነው። ድምሩ ስንት ብር እንደ ወጣ ያሳያል፤ ወጪው ለምን እንደ ጨመረ ግን አያሳይም። ይህ አጭር ጽሑፍ በደረሰኙ ላይ የሚገኙትን ሊትር፣ የሊትር ዋጋና ጠቅላላ ብር እርስ በርስ ማመሳከር የሚቻልበትን መንገድ ያሳያል። ቀጥሎም በደረሰኙ ላይ የማይገኘውን የኪሎ ሜትር ንባብ በመጨመር የዋጋ ጭማሪን ከነዳጅ ፍጆታ ለውጥ መለየት የሚቻልበትን ስሌት ያቀርባል። ለምሳሌነት የተወሰደው መቆሚያው ለገጣፎ የሆነ፣ በ2017 ዓ.ም. የታኅሣሥ የዋጋ ለውጥ ወቅት በአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች የተንቀሳቀሰ የናፍጣ ተሽከርካሪ ነው።

1. የችግሩ መነሻ

በለገጣፎ፣ በሱሉልታ፣ በቡራዩና በሰበታ የቤት ለቤት መጠይቅ የሚያካሂድ አንድ የጥናት ቡድን እንውሰድ። ከተሞቹ ዛሬ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር የሚገኙ ሲሆን አዲስ አበባን ከሰሜን ምሥራቅ እስከ ደቡብ ምዕራብ ከበው ተቀምጠዋል። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ ብዙውን ጊዜ ዋና ከተማዋን አቋርጦ ወይም ዙሪያዋን ይዞ መጓዝ ያስፈልጋል። ቡድኑ አንድ ደብል ጋቢና ፒክ አፕና አንድ ሾፌር ተመድቦለታል። በወሩ መጨረሻ የተመራማሪው ፋይል ውስጥ የሚገኙት የነዳጅ ደረሰኞችና የክፍያ መልእክቶች ናቸው።

የፋይናንስ ክፍል የሚያነሣው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ መኪናው ከባለፈው ወር ጋር ተቀራራቢ መንገድ ተጉዞ ሳለ ወጪው ለምን ጨመረ? መልሱ ግን ከሦስት ነገሮች አንዱ ወይም ድብልቃቸው ሊሆን ይችላል። የሊትር ዋጋ ጨምሮ ሊሆን ይችላል፤ መኪናው በኪሎ ሜትር የሚፈጀው ነዳጅ ጨምሮ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ከተገዛው ነዳጅ ከፊሉ ለሌላ ነገር ውሎ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው የማንም ጥፋት አይደለም። ሁለተኛው የጋራዥ ጉዳይ ነው። ሦስተኛው የአንድን ሾፌር እንጀራ የሚነካ ክስ ነው። እነዚህን ሦስቱን የማይለይ መዝገብ ይዞ ስለ ሰው መፍረድ አደገኛ ነው። ከዚህ በታች እንደሚታየውም፣ በትክክል ያልተነበቡ ትክክለኛ ደረሰኞች ያልተፈጸመ ስርቆትን የተፈጸመ ሊያስመስሉ ይችላሉ።

2. የደረሰኙ ሦስት ቁጥሮችና ግንኙነታቸው

በተሟላ የነዳጅ ደረሰኝ ላይ ሦስት ዋና መጠኖች ይገኛሉ፤ የተቀዳው ሊትር፣ የአንዱ ሊትር ዋጋና ጠቅላላው ብር። ሦስቱ ነጻ ቁጥሮች አይደሉም፤ ሊትሩ በዋጋው ሲባዛ ጠቅላላውን መስጠት አለበት። ሁለቱ ሦስተኛውን ስለሚወስኑት፣ ሦስቱም ታትመው ሲገኙ አንዱ የሌሎቹ መመርመሪያ ይሆናል።

ብዜቱ ግን እስከ ሳንቲም ላይገጥም ይችላል። ሊትሩ የሚታተመው በሁለት አስርዮሽ አሃዝ ከሆነ፣ የታተመው ቁጥር ከእውነተኛው እስከ 0.005 ሊትር ሊለይ ይችላል። ይህ ልዩነት በሊትር ዋጋ ሲባዛ የሚፈቀደውን ልዩነት ይሰጣል። ለምሳሌ ዋጋው 90.28 ብር ሲሆን የሚፈቀደው ልዩነት 45 ሳንቲም ገደማ ነው፤ ለጠቅላላው ብር ማጠጋጊያ ግማሽ ሳንቲም ሲጨመርበት 46 ሳንቲም ይጠጋል። በሠንጠረዥ ማስያ ላይ ሊትሩ በዓምድ `D`፣ ዋጋው በ`E`፣ ጠቅላላው በ`F` ከተጻፈ መመርመሪያው እንዲህ ይሆናል፦

```
=IF(ABS(D2*E2-F2)<=0.005*E2+0.005,"OK","?")
```

ይህ መመርመሪያ በተለይ ለደበዘዘ ደረሰኝ ይጠቅማል። የማደያ ደረሰኝ ብዙ ጊዜ በሙቀት በሚታተም ወረቀት ላይ ስለሚወጣ በመኪና ዳሽቦርድ ላይ ፀሐይ ሲመታው ይደበዝዛል፤ 8 ቁጥር 3 ይመስላል፣ ነጥቡም ይጠፋል። 36.18 ሊትር የነበረው 36.13 ተብሎ ቢነበብ ብዜቱ ከታተመው ጠቅላላ በ4 ብር ከ51 ሳንቲም ያንሳል። ይህ ልዩነት ከሚፈቀደው በአስር እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ልዩነቱ በሊትር ዋጋ ሲካፈል 0.05 ይሆናል፤ ስለዚህ ስህተቱ በሊትሩ ሁለተኛ አስርዮሽ አሃዝ ላይ እንዳለና አሃዙ በአምስት መጨመር እንዳለበት ይታወቃል። ወረቀቱን እንደገና በጥንቃቄ መመልከት የሚቀረው ለማረጋገጥ ብቻ ነው።

የመመርመሪያው ዋጋ ግን በአንድ ሁኔታ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ሦስቱም ቁጥሮች ከወረቀቱ የተነበቡ መሆን አለባቸው። የጠፋውን ሊትር ጠቅላላውን በዋጋው አካፍሎ የሞላ ሰው፣ ከዚያ በኋላ ብዜቱ ገጠመ ቢል ያረጋገጠው የራሱን ማካፈል ብቻ ነው። ስለዚህ በስሌት የተሞላ ቁጥር በማስታወሻ ዓምድ «የተሰላ» ተብሎ መለየት ይኖርበታል።

ይህ ነጥብ ከዲጂታል ክፍያ ጋር ይበልጥ ይጎላል። የነዳጅ ግብይት በአዲስ አበባ ከሚያዝያ 16 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በመላ አገሪቱም ከግንቦት 1 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በዲጂታል መንገድ እንዲከናወን ተወስኗል። በዚህም ምክንያት በብዙ ተመራማሪዎች እጅ የሚገኘው ማስረጃ የቴሌብር የክፍያ መልእክት ነው። የክፍያ መልእክት በዋናነት የሚያረጋግጠው ብር ከአንድ ሂሳብ ወደ ሌላ መተላለፉን ነው። መልእክቱ ሊትርና የሊትር ዋጋ ካልያዘ፣ ሊትሩ ከማደያው ማሳያ ላይ በቦታው ተነብቦ መጻፍ አለበት። በኋላ ከታወጀው ዋጋ ተሰልቶ የሚገባ ሊትር «የተሰላ» ከመሆን አያልፍም።

3. የሊትር ዋጋ እንደ ቀን መመርመሪያ

በአገራችን የነዳጅ መሸጫ ዋጋ በማደያው ባለቤት ፈቃድ የሚወሰን አይደለም። በንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር ይታወጃል፤ አዲስ አዋጅ እስኪወጣም ይጸናል። በአዲስ አበባ የነጭ ናፍጣ ዋጋ ከመስከረም 28 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሊትር 90.28 ብር ነበር። ከታኅሣሥ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ 98.98 ብር ሆነ። የቤንዚን ዋጋ በተመሳሳይ ቀናት ከ91.14 ወደ 101.47 ብር አድጓል።

ዋጋው በደረጃ የሚዘልል መሆኑ ለመዝገብ አዘጋጁ ጥቅም አለው። በእጅ የተጻፈ ደረሰኝ ብዙ ጊዜ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሆን በመሣሪያ የታተመው በአውሮፓውያን ነው። 08/01/2025 የሚል ጽሑፍ አንዱ አንባቢ በጃንዋሪ ወር ስምንተኛ ቀን፣ ሌላው በኦገስት ወር የመጀመሪያ ቀን ብሎ ሊረዳው ይችላል። ቀኑ አጠራጣሪ በሚሆንበት ጊዜ የሊትር ዋጋው በየትኛው የዋጋ ዘመን ውስጥ እንደሚወድቅ ይመሰክራል። በአዲስ አበባ ነጭ ናፍጣ በ98.98 ብር የተሸጠበት ደረሰኝ ከታኅሣሥ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. በፊት ሊሆን አይችልም። በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ተቀድቶ ከሆነና ሰዓቱ በኢትዮጵያ ይሁን በዓለም አቀፍ አቆጣጠር ካልታወቀ፣ ቅደም ተከተሉን የሚወስነው የኪሎ ሜትር ንባቡ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የታወጀው ዋጋ የማጓጓዣ ወጪን ስለሚያካትት ከከተማ ወደ ከተማ ይለያያል። ስለዚህ በሰበታ ወይም በሱሉልታ የተቀዳ ነዳጅ ዋጋ ከአዲስ አበባው በሳንቲሞች ቢለይ ስህተት ነው ማለት አይደለም። በመዝገቡ ውስጥ የማደያው ከተማ ራሱን የቻለ ዓምድ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

4. በደረሰኙ ላይ የማይገኘው ቁጥር

ደረሰኙ መኪናው ምን ያህል እንደ ተጓዘ አያውቅም። ይህን የሚያውቀው በዳሽቦርዱ ላይ ያለው ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ነው፤ ንባቡም በማደያው ውስጥ፣ ነዳጁ እንደ ተቀዳ፣ በደረሰኙ ጀርባ በእስክሪብቶ መጻፍ አለበት። የሚጻፈው ወደ ዜሮ የሚመለሰው የአንድ ጉዞ ቆጣሪ ሳይሆን ጠቅላላው ንባብ ነው። ደረሰኙንና ዳሽቦርዱን በዚያው ሰዓት በስልክ ፎቶ ማንሣት ሁለት ችግሮችን በአንድ ጊዜ ያስወግዳል፤ መደብዘዝንና ማታ በግምት መሙላትን።

ከንባቡ ጎን ሌላ አንድ ምልክት ያስፈልጋል፤ የነዳጅ ታንኩ፣ በሾፌሮች አነጋገር ሳልባትዮው፣ እስከ አፉ ሞልቷል ወይስ አልሞላም? ይህ አንድ ቃል ከሌሎቹ ዓምዶች ሁሉ በላይ የስሌቱን ውጤት ይወስናል። በእኛ አገር ነዳጅ ብዙ ጊዜ የሚቀዳው በብር ልክ ነው፤ ሾፌሩ ለነዳጅ ቀጂው «የ3 ሺህ ብር» ይለዋል እንጂ «ሙላው» አይለውም። በብር ልክ የተቀዳ ነዳጅ ከዚያ በፊት ስንት ሊትር እንደ ተቃጠለ አይነግረንም፤ ምን ያህል ገንዘብ እንደ ነበረ ብቻ ይነግረናል። ታንኩ ሲሞላ ግን ነገሩ ይለወጣል። ታንኩ በሁለት የተለያዩ ቀናት እኩል ሞልቶ ከነበረ፣ በመካከል የተጨመረው ነዳጅ በሙሉ በመካከል ከታንኩ ከወጣው ነዳጅ ጋር እኩል ነው። የስሌቱ መሠረት ይኸው ነው።

5. ምሳሌ፦ አምስት ደረሰኞች

የሚከተለው ሠንጠረዥ ስሌቱን ለማሳየት የተዘጋጀ ምሳሌ ነው። ሊትሩና ኪሎ ሜትሩ ለምሳሌነት የተቀመጡ ሲሆኑ የሊትር ዋጋዎቹ ከላይ የተጠቀሱት የአዲስ አበባ ዋጋዎች ናቸው። መኪናው 80 ሊትር የሚይዝ ታንክ ያለው የናፍጣ ፒክ አፕ ነው፤ መቆሚያው ለገጣፎ ሲሆን ነዳጅ የሚቀዳው ወደ ሥራ ሲወጣ አዲስ አበባ ውስጥ ነው።

| ተራ | ቀን (2017 ዓ.ም.) | ሊትር | የሊትር ዋጋ | ጠቅላላ ብር | ኪሎ ሜትር | አሞላል |
|---|---|---|---|---|---|---|
| 1 | ታኅሣሥ 14 | 52.40 | 90.28 | 4,730.67 | 84,216 | ሙሉ |
| 2 | ታኅሣሥ 21 | 33.23 | 90.28 | 3,000.00 | 84,621 | ከፊል |
| 3 | ታኅሣሥ 25 | 36.18 | 90.28 | 3,266.33 | 84,806 | ሙሉ |
| 4 | ጥር 6 | 40.41 | 98.98 | 4,000.00 | 85,229 | ከፊል |
| 5 | ጥር 9 | 31.70 | 98.98 | 3,137.67 | 85,412 | ሙሉ |

በመጀመሪያ አምስቱም ረድፎች በብዜት ይመረመራሉ። በ4ኛው ረድፍ ብዜቱ ከታተመው 4,000 ብር በ22 ሳንቲም ያንሳል፤ በብር ልክ ስለ ተቀዳ ሊትሩ ተጠጋግቷልና ይህ የሚጠበቅ ነው፣ ከሚፈቀደው 50 ሳንቲም ገደማም በታች ነው። የቀሩት እስከ ሳንቲሙ ይገጥማሉ።

አሁን የአሞላሉን ዓምድ ረስቶ እያንዳንዱን ደረሰኝ ከቀደመው ጋር ብቻ የሚያነጻጽር ሰው ምን እንደሚያገኝ እንመልከት። ከ1ኛው እስከ 2ኛው ደረሰኝ መኪናው 405 ኪሎ ሜትር ተጉዞ 33.23 ሊትር ተቀድቷል፤ በ100 ኪሎ ሜትር 8.20 ሊትር መሆኑ ነው። ከ2ኛው እስከ 3ኛው ደግሞ 185 ኪሎ ሜትር ተጉዞ 36.18 ሊትር ተቀድቷል፤ በ100 ኪሎ ሜትር 19.56 ሊትር። የመኪናው ፍጆታ በአራት ቀን ውስጥ ከእጥፍ በላይ አደገ! እንዲህ ያለ ቁጥር በእጁ የያዘ የሂሳብ ሠራተኛ ሾፌሩን ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ነገር ግን ሁለቱም ቁጥሮች ትርጉም የላቸውም። በ2ኛው ቀን ታንኩ ስላልሞላ የጎደለው ነዳጅ ዕዳ ወደ 3ኛው ደረሰኝ ተሸጋግሯል እንጂ ማንም የወሰደው ነዳጅ የለም።

ትክክለኛው ንጽጽር ከሙሉ እስከ ሙሉ ነው። ከ1ኛው እስከ 3ኛው ደረሰኝ ያለው ርቀት 590 ኪሎ ሜትር ነው። በመካከል የተጨመረው የ2ኛውና የ3ኛው ሊትር ድምር 69.41 ነው። የ1ኛው ደረሰኝ ሊትር አይቆጠርም፤ እሱ ከታኅሣሥ 14 በፊት የተቃጠለውን የተካ ነውና። ስለዚህ ፍጆታው በ100 ኪሎ ሜትር 11.76 ሊትር ነው። በሁለተኛው ዙር፣ ከ3ኛው እስከ 5ኛው ደረሰኝ፣ ርቀቱ 606 ኪሎ ሜትር፣ ሊትሩ 72.11፣ ፍጆታው 11.90 ይሆናል።

6. የዋጋውን ድርሻ ከፍጆታው ድርሻ መለየት

በመጀመሪያው ዙር የነዳጅ ወጪው 6,266.33 ብር ነው፤ ለአንድ ኪሎ ሜትር 10.62 ብር ይደርሳል። በሁለተኛው ዙር ወጪው 7,137.67 ብር ሲሆን ለአንድ ኪሎ ሜትር 11.78 ብር ነው። ጭማሪው በኪሎ ሜትር 1 ብር ከ16 ሳንቲም፣ በመቶኛም ወደ 11 ይጠጋል። የፋይናንስ ክፍል ጥያቄ የሚያነሣው በዚህ ቁጥር ላይ ነው።

ጭማሪውን ለመክፈል አንድ ጥያቄ እንጠይቃለን። መኪናው በመጀመሪያው ዙር ይፈጀው በነበረው ልክ ቢቀጥልና የሊትር ዋጋው ብቻ ቢለወጥ ኖሮ ጭማሪው ስንት ይሆን ነበር? የዋጋው ልዩነት 8.70 ብር ነው፤ በኪሎ ሜትር ከተቃጠለው 0.1176 ሊትር ጋር ሲባዛ 1 ብር ከ2 ሳንቲም ይሆናል። የቀረው 13 ሳንቲም ገደማ ከፍጆታው መጨመር የመጣ ነው፤ የአንድ ሳንቲም ጉድለቱ የማጠጋጋት ውጤት ነው። ስለዚህ ከጭማሪው ከአስር ዘጠኝ እጅ የሚጠጋው የታወጀ የዋጋ ለውጥ ነው፤ ሾፌሩንም መኪናውንም አይመለከትም።

ለዚህ ስሌት አንድ ግልጽ መሆን ያለበት ግምት አለ። ታንኩ በታኅሣሥ 25 የሞላው በቀድሞው ዋጋ በተገዛ ነዳጅ ነው። በሁለተኛው ዙር መጀመሪያ ላይ የተቃጠለው ነዳጅ በ90.28 ብር የተገዛው ሲሆን መዝገቡ ግን በ98.98 ብር ተምኖታል። ይህ ስህተት ሳይሆን ምርጫ ነው፤ የተቃጠለው ነዳጅ የሚተመነው በተተካበት ዋጋ ነው። ለበጀት ዕቅድ ይህ ምርጫ ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም ቀጣዩ ጉዞ የሚከፈለው በአዲሱ ዋጋ ነው። የፕሮጀክቱን ገንዘብ በጥሬው የሚያወራርድ ሰው ግን መኪናውን ሲረከብም ሲያስረክብም ታንኩ ሙሉ እንዲሆን ማድረግ አለበት፤ አለዚያ በታንኩ ውስጥ የቀረው ነዳጅ ዋጋ በሂሳቡ ውስጥ ባለቤት ያጣል።

7. ቀሪው ልዩነት ምን ያህል ይታመናል?

ከ11.76 ወደ 11.90 የታየው የፍጆታ ጭማሪ እውነተኛ ነውን? መልሱ «ሙሉ» የሚለው ቃል ምን ያህል ተመሳሳይ እንደ ሆነ ላይ ይመሠረታል። የማደያው ማፍሰሻ በራሱ የሚያቆምበት ቦታ እንደ አፈሳሰሱ ፍጥነት፣ እንደ ናፍጣው አረፋና መኪናው እንደ ቆመበት ወለል ዘመምታ ይለያያል። አንዱ ቀጂ በመጀመሪያው መቆም ያበቃል፤ ሌላው ሁለት ሦስት ጊዜ ይጨምራል። ልዩነቱ አንድ ሊትር ብቻ ነው ብንል፣ ከ69.41 ሊትር ውስጥ አንድ ሊትር በ100 ኪሎ ሜትር 0.17 ሊትር ያህል ለውጥ ያመጣል። የታየው ጭማሪ ከዚህ ያነሰ ነው። ስለዚህ ከእነዚህ አምስት ደረሰኞች በመነሣት ፍጆታው ጨምሯል ማለት አይቻልም፤ በዚህ ላይ ተመሥርቶ ሰውን መጠየቅ ደግሞ ፈጽሞ አይቻልም።

የዚህ ስህተት መልካም ጠባዩ አለመከማቸቱ ነው። የአሞላል ልዩነት የሚጎዳው የዘመኑን መጀመሪያና መጨረሻ ብቻ ነው፤ በመካከል ያሉት ሙሉ አሞላሎች እርስ በርስ ይጣፋሉ። አሥር ዙሮችን አንድ ላይ ብንወስድና ጠቅላላው 700 ሊትር ቢሆን፣ ያው አንድ ሊትር የሚያመጣው ስህተት ከአንድ ሺህኛ አንድ ተኩል እጅ ያልዘለለ ይሆናል። ትንሽ ለውጥን ለማየት የሚያስፈልገው የተሻለ መሣሪያ ሳይሆን ረዘም ያለ መዝገብ ነው።

የመንገዱ ጠባይም መመዝገብ አለበት። ወደ ሱሉልታ የሚወስደው መንገድ የእንጦጦን አቀበት ይወጣል፤ በጠዋት ከለገጣፎ ወደ አዲስ አበባ የሚገባው መኪና ደግሞ በትራፊክ መጨናነቅ ቆሞ ሞተሩን ሲያሠራ ኪሎ ሜትር ሳይቆጥር ነዳጅ ይፈጃል። ሁለት ዙሮችን ከማነጻጸር በፊት የተሄደባቸው ከተሞች ተመሳሳይ መሆናቸውን ማየት ያስፈልጋል።

8. የመዝገብ ስህተቶች አሻራ

የመዝገብ ስህተት የራሱ የሆነ አሻራ ይተዋል። ከላይ ባለው ምሳሌ ሦስት ስህተቶችን በየተራ እናስገባ።

የ2ኛው ደረሰኝ ቢጠፋ የመጀመሪያው ዙር ፍጆታ 6.13 ሊትር ይሆናል፤ ሁለተኛው ዙር ግን 11.90 እንዳለ ይቀራል። አንድ ዙር ብቻውን ያለ ልክ ዝቅ ብሎ ቀጣዩ መደበኛ ሲሆን የመጀመሪያው ጥርጣሬ ያልገባ ደረሰኝ ነው። ነዳጅ በጠፋበት ወቅት በጀሪካን ተገዝቶ ያለ ደረሰኝ የገባ ነዳጅም ይህንኑ አሻራ ይተዋል። እንዲህ ያለው ነዳጅ የሚታወቀው መጠን ተጽፎ «ያለ ደረሰኝ» ተብሎ መግባት አለበት፤ ባይገባ የዙሩ ፍጆታ ሐሰተኛ ይሆናል።

የ3ኛው ደረሰኝ ኪሎ ሜትር 84,806 መሆኑ ቀርቶ 84,860 ተብሎ ቢጻፍ፣ የመጀመሪያው ዙር 10.78፣ ሁለተኛው 13.06 ይሆናል። አንዱ ዝቅ፣ ተከታዩ ከፍ ይላል፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲወሰዱ ግን ትክክለኛውን 11.83 ይሰጣሉ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አሃዞች ቦታ ሲለዋወጡ የሚፈጠረው ልዩነት ሁልጊዜ ለ9 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ስለዚህ ከሾፌሩ የጉዞ መመዝገቢያ የተገኘው ርቀትና ከቆጣሪው የተሰላው ርቀት በ54 ቢለያዩ፣ 54 ለ9 ስለሚካፈል የተገለበጠ አሃዝ መፈለግ ተገቢ ነው።

ሦስተኛው ስህተት ያልሞላ ታንክን «ሙሉ» ብሎ መጻፍ ነው። በታኅሣሥ 25 ታንኩ 8 ሊትር ጎድሎት ሳለ «ሙሉ» ተብሎ ቢሆን ኖሮ፣ በመጀመሪያው ዙር ያልገባው 8 ሊትር በሁለተኛው ዙር ይገባና ፍጆታዎቹ 10.41 እና 13.22 ይሆኑ ነበር። አሻራው ከተገለበጠው አሃዝ ጋር ይመሳሰላል። መለያው ርቀቱ ነው፤ በአሃዝ መገለባበጥ ጊዜ ርቀቱ ከጉዞ መመዝገቢያው ጋር አይገጥምም፣ በሐሰተኛ ሙሉ ጊዜ ግን ይገጥማል። በሁለቱም ሁኔታ መፍትሔው ሁለቱን ዙሮች ማዋሃድ ነው። በአንጻሩ ፍጆታው ከፍ ብሎ በቀጣዮቹ ዙሮችም ከፍ እንዳለ ከቆየ የመዝገብ ስህተት አይደለም፤ ከመኪናው ወይም ከነዳጁ አያያዝ ሊፈለግ የሚገባው ያኔ ነው።

9. የዘዴው ወሰን

ይህ መዝገብ የማያያቸው ነገሮች አሉ። ማደያው በማሳያው ላይ ካሳየው ያነሰ ነዳጅ ቢቀዳ ደረሰኙ በብዜት ይገጥማል፤ ጉድለቱም የመኪናው ፍጆታ የጨመረ መስሎ ይታያል። ይህን መጠርጠር የሚቻለው መዝገቡ ረዥም ሆኖ ከአንድ ማደያ የተቀዳባቸው ዙሮች ከሌሎቹ በተደጋጋሚ ከፍ ብለው ሲገኙ ነው። ከመደበኛው ዲያሜትሩ የሚበልጥ ጎማ የተገጠመለት መኪና ቆጣሪው ርቀቱን አሳንሶ ያነባል፤ ይህ ግን በሁሉም ዙሮች እኩል ስለሚሠራ የዙሮችን ንጽጽር አያበላሽም። ጎማው በተቀየረበት ቀን የተቀየረበት ኪሎ ሜትር ከተጻፈ በቂ ነው።

ደረሰኝ ብቻውን የገንዘብ ማስረጃ ነው። ከጀርባው ሁለት ነገሮች ሲጻፉበት፣ የኪሎ ሜትር ንባብና «ሙሉ» ወይም «ከፊል» የሚል ቃል፣ የመለኪያ ማስረጃ ይሆናል። በምሳሌያችን በዚህ አንድ ቃል ምክንያት 19.56 የነበረው 11.76 ሆኗል። የመስክ ቡድኖች በየማደያው ይህን መጻፍን እንደ መጠይቅ መሙላት ሁሉ የመረጃ አሰባሰብ አካል አድርገው ቢይዙት፣ በወሩ መጨረሻ የሚነሣው ጥያቄ ወደ ሰው ከመዞሩ በፊት በመዝገቡ ላይ ይመለሳል።